ስልክ ፊት የቆሙ ሽማግሌዎች

እኔ እንጀራዬን የማገኘው በስልክ ነው። መካነ ሰላም ላይ፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ፣ የጭነት መኪና የምፈልገው፣ ጆንያ የማስመጣው፣ ከደሴ ነጋዴ ጋር የምከራከረው እኔ ነኝ። ከማነጋግራቸው ሰዎች አብዛኞቹን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። አንዱን የመኪና ባለቤት በድምፁ ብቻ ረጅምና ወፍራም አድርጌ ስስለው ኖሬ፣ አንድ ቀን ቢሮዬ ብቅ ቢል ቀጭን አጭር ሰው ሆነብኝ። የተታለልኩ መስሎኝ ተናደድኩ። እሱ ደግሞ እኔን አሮጊት አድርጎ ሲገምተኝ ኖሯል፤ ሳቅ አለና «እናቴ ብዬ ነበር የምቀንስልዎት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልቀነሰልኝም።

እንዲህ ያለው ነገር ይገርመኛል። ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ ሲደራደርና በቀጭን ድምፅ ብቻ ሲደራደር ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ፊት ለፊት ጨዋ የሆነ ስልክ ላይ ባለጌ ይሆናል፤ ፊት ለፊት አፉ የሚተሳሰር ስልክ ላይ ጠበቃ ይወጣዋል። ሊስማማ የተዘጋጀ ሰው ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ትንፋሹን ይስባል። እነዚህን ነገሮች እያስተዋልኩ መኖር ደስ ይለኛል፤ ሥራዬን የምወደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የደብራችን ሽማግሌዎች እኔን የፈለጉኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ደብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ነው፤ አባቴ አስተዳዳሪው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የድጓ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ቤት ስል የተማሪ ጎጆዎችና አንድ የጥድ ጥላ ማለቴ ነው። ዜማ ሊማሩ ከየአገሩ የሚመጡት ተማሪዎች በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዜማሉ፣ የኔታ ያርማሉ። ትምህርት ቤቱ የቆመው በእሳቸው ነው።

የኔታ ከፋሲካ በኋላ «ወገቤን አመመኝ» ብለው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ለሕክምና ሄዱ። ክረምቱ ገባ፤ አልተመለሱም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወሬ መጣ፤ አንድ የከተማ ደብር ቤትና ደሞዝ ሰጥቶ እዚያው ሊያስቀራቸው ነው ተባለ። የድጓ ተማሪ ደግሞ መምህሩን ተከትሎ ነው የሚኖረው። መስቀል አልፎ መምህር ካልመጣ አኩፋዳውን አንግቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይሄዳል፤ አንዴ ከተበተነ የሚሰበስበው የለም።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የጎዳው አባቴን ነው። አባቴና የኔታ በወጣትነታቸው አንድ ጎጆ የኖሩ፣ የአንድ መምህር ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱን ባዶ ሜዳ ላይ ያቆሙት ሁለቱ ናቸው። አባቴ ከቅዳሴ ሲወጡ በጥዱ በኩል ዞረው መሄድ ልማዳቸው ነበር፤ በዚያ ክረምት መንገዳቸውን ቀየሩ። እናቴ «ምነው በጥዱ በኩል መሄድ ተውክ?» ብትላቸው «ጭቃ ነው» አሉ። ጭቃው በሁለቱም በኩል እኩል ነበር።

በደጉ ጊዜ ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲሄድ እደጅ ይቆማል። ግቡ ሲሉት ይገባል፤ ተቀመጡ ሲሉት ግን አይቀመጥም። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። ነጭ ለብሶ፣ በትሩን ተመርኩዞ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ የቆመ ሽማግሌ ማየት የሚችል ሰው የለም። ባለቤቱ ራሱ አላስችል ይለውና «እሺ ብያለሁ፣ በሉ ተቀመጡ» ይላል። የንግግሩ ግማሽ አፍ ሳይሆን እግር ነው። ያን ዓመት ግን ዝናቡ መንገዱን በየቦታው ደርምሶት፣ ከደሴ የሚመጣው መኪና አንድ ቀን ይገባል፣ ሦስት ቀን ይቀራል። የአባቴ ጉልበት ደግሞ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በጭንቅ ነው የሚያደርሳቸው። ስለዚህ በስልክ ይሁን ተባለ፤ «አንቺ የስልኩን ነገር ታውቂበት የለ?» ተባልኩ።

የመጀመሪያው ጊዜ ሰንበቴ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ፣ ሌሎች ሁለት ካህናት፣ ደግሞም አንድ ገበሬ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበሩ። ይህ ገበሬ ቁጣው አገር ያወቀው ነው፤ በሬው እንኳ ሲቆጣ ዘወር ይላል እየተባለ ይቀለድበታል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ላውድ ላይ አደረግኩት። ጥሪው ሲጀምር አራቱም ብድግ ብለው ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ አያዩንም እኮ» አልኳቸው።

ገበሬው ገላመጠኝና «ልመና እየሄድን እንቀመጥ እንዴ? ምን ያለችው ናት!» አለ።

የኔታ ስልኩን አነሱ። ሰላምታው ተጀመረ። የወሎ ሰላምታ ፊት ለፊት ሲሆን ደስ ይላል፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ፣ ሁለቱም እኩል እየጠየቁ እኩል እየመለሱ ነው የሚሄደው። ስልክ ላይ ግን ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይጠይቃል፣ ሁለቱም ያቆማሉ፣ እንደገና ሁለቱም ይጀምራሉ። «እንደምን ሰነበቱ»፣ «እንደምን… ይቀጥሉ»፣ «አይ እርስዎ ይቀጥሉ»። በዚህ መሀል የእኛ ኔትወርክ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ ሰላምታው ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ሰላም ሳይሉ ወደ ነገር መግባት ነውር ነዋ!

በመጨረሻ አባቴ ጉዳዩን አቀረቡ። ባማረ አነጋገር፣ ተማሪውን፣ ደብሩን፣ አገሩን ጠርተው ጨረሱና ዝም አሉ። ዝም ያሉት ነገሩ እንዲሰርግ ነው። ሽማግሌ ተናግሮ ሲጨርስ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ፊት ለፊት ሲሆን ክብደት አለው፣ ሰው አንገቱን ይደፋበታል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ስልክ ላይ ግን የመስመር መቋረጥ ነው።

«ሄሎ? ሄሎ? ጠፋችሁ መሰለኝ» አሉ የኔታ ከዚያኛው ጫፍ። የአባቴ ዝምታ ገደል ገባ።

የኔታ የመለሱት የጨዋ መልስ ነበር። «እግዜር ያክብርልኝ፣ እስቲ በጸሎት አስቡኝ፣ እሱ ያውቃል» አሉ። እሺም እንቢም አይደለም። በዚህ መሀል ከኋላቸው አንድ ወንድ ሲስል ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው «ወጣ ብለን እንምከር» ተባባሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከቤት ወጥተው ግድግዳ ሥር ነው የሚመክሩት። አሁን ግን ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደው ጀርባቸውን ለስልኩ ሰጡት፤ ጀርባ ከሰጡት የማይሰማ መስሏቸው። ገበሬው በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ «ደሞዙ ነው የያዘው! ወላሂ ሌላ ምንም አይደለም!» አለ። ተስፈንጥሬ ድምፁን ለመዝጋት እጄን ስሰድ ጊዜው አልፎ ነበር። የኔታ በቀስታ «ደህና ሰንብቱ» አሉና ተዘጋ።

አባቴ ያን ቀን እራት አልበሉም።

እኔ ግን ነገሩ ከማዘን ይልቅ አጓጓኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ አልኩና በቢሮዬ እንደማደርገው ከመጀመሪያው ልዘጋጅ ተነሳሁ። አንድ ትልቅ ጭነት ስደራደር ዋናውን ጥሪ ዝም ብዬ አልደውልም፤ ከዋናው ጥሪ በፊት ትናንሽ ጥሪዎች አሉ። ሰውየው መቼ ነው የሚረጋጋው? አጠገቡ ማን አለ? ቁርጡን የሚናገረው እሱ ነው ወይስ ሌላ? ቤቱ ብሄድ በዓይኔ የማየውን ሁሉ ስልክ ላይ ጠይቄ ነው የማገኘው።

ስለዚህ ለየኔታ ልጅ ሚስት ደወልኩላት። አላውቃትም፤ ግን ሴት ለሴት ወሬ አያጣም። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ እኛ አገር ጭቃ አወራን። በሁለተኛው ቀን ራሴ ደግሜ ደወልኩና ያ የሳለው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። ከከተማው ደብር የመጣ ሰው ነበር፤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር። የኔታም ላውድ ላይ ነበሩ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ መያዝ ስለማይወዱ ሁልጊዜ ላውድ ላይ ነው አለችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ አራት ሆነን፣ እሳቸው እንግዳ አስቀምጠው፣ የሁለት ጉባኤ ንግግር ነው የተደረገው። ሰው እንግዳ ፊት ልቡን አያወጣም።

«ብቻቸውን የሚሆኑት መቼ ነው?» አልኳት።

«ጠዋት ከጸሎት በኋላ። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ።»

«በቪዲዮ ብናገኛቸውስ?»

ትንሽ ዘገየች። «ቪዲዮ ብዙም አይወዱም» አለች።

ያረጀ ሰው መቼ ቪዲዮ ወደደ ብዬ አለፍኩት። እኔ ያሰብኩት ሽማግሌዎቹን ነው። የልመናቸው ጉልበት መቆማቸው ከሆነ፣ መቆማቸው መታየት አለበት። በድምፅ ያጣነውን በምስል እናገኛለን አልኩ፤ በራሴ ብልጠትም ተደሰትኩ።

ለሁለተኛው ጥሪ ሽማግሌዎቹን ወደ ከተማ አመጣኋቸው፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። አንድ ሆቴል ፎቁ ላይ ጠዋት ባዶ የሆነ ሰገነት ነበረው። ሕግም አወጣሁላቸው። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አባቴ። ሰላምታው አጠር ይላል፤ እኔ ቀደም ብዬ በልጃቸው ሚስት በኩል የሁሉንም ሰላምታ አድርሻለሁ። ዝም ማለት ሲፈለግ «ትንሽ እናስብበት» ተብሎ ይነገራል። መመካከር ሲፈለግ እኔ ድምፁን እዘጋለሁ፤ ዘግቻለሁ እስክል ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም፤ ይህን ስናገር ገበሬውን አየሁት። ስልኩን ደግሞ ወንበር ላይ ወንበር ደርቤ ራቅ አድርጌ አቆምኩት፤ ከራስ ጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው ድረስ እንዲታዩ። አራቱ ነጭ በነጭ ለብሰው በመስመር ሲቆሙ እኔ ራሴ እሺ ልላቸው ደረስኩ።

የየኔታ ፊት ስልኩ ላይ መጣ። ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ፀሐዩ ጺማቸው ላይ ወድቋል። አባቴ መስቀላቸውን አንስተው በአየር ላይ ባረኩ። ሰላምታው አጠረ፤ ጉዳዩ ተነገረ። አባቴ «ትንሽ እንዲያስቡበት ዝም እንላለን» አሉ፤ ዝም አሉ። ሕጉ ሁሉ ተከበረ። ስልኩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር።

የኔታም ዝም አሉ። አራቱ ቆመው ይጠብቃሉ። የአንደኛው ቄስ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የኔታ ተቀመጡ አላሉም። አባቴ ጨመሩ፤ ለመኑ። የኔታ «አይ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ እዚህ ልሙት» አሉ። አሁንም ተቀመጡ አላሉም። እንቢ የሚል ሰው እንኳ ሽማግሌን አስቀምጦ ነው እንቢ የሚለው! የማያስቀምጥ ሰው ንቋል ማለት ነው። የገበሬው የአንገት ሥር ሲገተር አየሁ።

«እያየን ነው እኮ! ዓይኑ እያየ ነው ያቆመን!» ብሎ ጮኸና በትሩን አንስቶ ደረጃውን ወረደ። ያኔም ድምፁን አልዘጋሁትም ነበር።

ጥሪው በዚህ አለቀ። ሁለቱ ካህናት አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ከተማ ሰውን እንዲህ ይለውጣል?» አሉ። የሚጠይቁት እኔን አልነበረም። በቪዲዮው የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ፤ በስልኩ ውስጥ ገና ያልተሰበረውን ነገር እኔ ነኝ አምጥቼ ፊት ለፊት የሰበርኩት መሰለኝ። በራሴ ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ጆንያ እያስጫንኩ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። አባቴ መስቀላቸውን ሲያነሱ የኔታ ራሳቸውን አላጎነበሱም። ከመስቀል ፊት ያላጎነበሰ ካህን አይቼ አላውቅም። ደግሞ ዓይናቸው ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ጎን ነበር፤ ወደ ድምፁ ጆሯቸውን ሰጥተው። በመካከል አንድ የሴት እጅ ከጎን መጥቶ ትከሻቸውን ይዞ ወደ ስልኩ መለስ አድርጓቸው ነበር። ያኔ አይቼዋለሁ፤ አላስተዋልኩትም። ስልክ ላይ የሰውን ፊት በአራት ጣት መስኮት ስታይ ያየኸው ይመስልሃል እንጂ አላየኸውም። ቤታቸው ሄደን ቢሆን ገና በሩ ላይ እናውቀው ነበር።

ለልጃቸው ሚስት ደወልኩ። ሰላምታ አላስረዘምኩም።

«እህቴ፣ የኔታ ያዩናል?» አልኳት።

ስታለቅስ ሰማሁ። ወገባቸው ምንም አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አላቸው። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሰው አይለዩም። ለአገር ሰው እንዳትናገር አስምለዋታል። «የከተማው ደብር ማስተማር አይጠይቃቸውም፣ እየመሩ ወስደው ያስቀምጧቸዋል፣ ያከብሯቸዋል። እዚያ ግን ምን ሆኜ እመለሳለሁ ይላሉ» አለችኝ። አልነገርኩሽም አለችኝ፤ አልነገርሽኝም አልኳት።

ለአባቴ ግን ነገርኩ። ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ ያልጠበቅሁትን አደረጉ፤ ሳቁ። «ታዲያ ለማን ነበር የቆምነው?» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ደግሞ ንቆኛል ብዬ ተቀይሜው ዋልኩ። አፉ በለኝ ወንድሜ» አሉ ለራሳቸው።

«አሁንስ ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«ያ መስተዋቱ ይቅር። ድምፅ ብቻ ይሁን። ሌላም ሰው አይኑር።»

እኔ ስንት ቀን ምስል ፍለጋ ስሮጥ ነበር። ለካ ለየኔታ ቪዲዮው እኛን የሚጠቅም፣ እሳቸውን የሚያሳጣ ነገር ነው፤ እኛ እናያቸዋለን፣ እሳቸው አያዩንም። ድምፅ ብቻ ሲሆን ሁለቱም እኩል ናቸው። ይህን አንድም የሥራ ስልጠና ላይ ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

አባቴ እኔ ዘንድ ከተማ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ስልኩን የያዝኩት እሳቸው መያዝ ስለማያውቁበት ብቻ ነው። የልጃቸው ሚስት ስልኩን ለየኔታ ሰጥታ ወደ ጓዳ እንድትገባ ተነጋግረን ነበር። እስከዚያ ቀን ሁለቱ በሰው ፊት «እርስዎ» ሲባባሉ ነው የሰማሁት። ያን ቀን አባቴ የመጀመሪያውን ቃል «እንዴት አደርክ?» አሉ። ከወዲያ «ብቻህን ነህ?» አሉ የኔታ።

«እኔና ልጄ ነን። እሷ ምንም አትልም።» ይህ ለእኔ ትእዛዝ ነው።

ጉዳዩን አላነሱም። አባቴ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ገብሱ፣ ትናንት በቁጣ ስለ ነደደው ስለዚያ ገበሬ። «በሬውስ ይሰማዋል?» አሉ የኔታ፤ ሳቁ። ትናንት በጠራው ስልክ ላይ ያጣነው ሰው ይህ ነው። ከዚያ አባቴ እንዲያው በጨዋታ መሀል «ጽጌ እየደረሰ ነው፤ ያቺን የጽጌ ዜማ ማን እንደሚመራት እንጃ፣ እኔ እንኳ ልሞክራት እላለሁ» አሉና ማዜም ጀመሩ።

አባቴ ድምፃቸው መልካም ነው፤ ዜማቸው ግን ሁልጊዜ ይሮጣል። ገና ሁለት ስንኝ ሳይሄዱ—

«ተመለስ!» አሉ የኔታ።

አባቴ ተመለሱ። እንደገና አዜሙ፤ እንደገና እዚያው ላይ ሮጡ።

«እዚያ ላይ የይዘት ምልክት አለ፤ ያዘው! ምን ያስሮጥሃል? እንደ ከብት አይነዱህ!» የኔታ ራሳቸው አዜሙት። በዚያች በትንሽ ስልክ ውስጥ ዜማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የጎረቤቴ ዶሮዎች ካልሆኑ በግቢው ሌላ ድምፅ አልነበረም። አባቴ ተከተሏቸው፤ ተሳሳቱ፤ ታረሙ። የት ቦታ ላይ ትንፋሽ እንደወሰዱ፣ የት ጉሮሯቸውን እንዳጠበቡ፣ የኔታ አንድም አላመለጣቸው። ቆይተው ቆይተው አባቴ ልክ አደረሱት።

ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። የአሁኑን ዝምታ ማንም «ሄሎ» አላለበትም።

«የልጄ ሚስት ነግራችኋለች» አሉ የኔታ።

አባቴ አልካዱም፤ አላመኑም። «እኔና አንተ ድጓ ስንማር» አሉ፣ «መጽሐፍ ማየት የት ነበረን? ዜማውን የተማርነው ሌሊት አይደል፣ መብራት በሌለበት ጎጆ? መምህራችን ፊታችንን ያዩ ነበር? ድምፃችንን እየሰሙ አይደል በጨለማ በስማችን እየጠሩ ያረሙን?»

«የተማሪው የዜማ ምልክትስ? ድጓውን ሲጽፍ ምልክቱን ማን ያይለታል?»

«ከፍ ያለው ተማሪ ጮክ ብሎ ያነብልሃል። አንተ ትሰማለህ። ስህተት ያመልጥሃል? እኔን መች አመለጥኩህ?»

የኔታ ሳቁ፤ ሳቁ አልቆየም። «ችግሩ እሱ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰው እያየኝ፣ ገበያ መሀል፣ ከመኪና ስወርድ፣ እንደ ለማኝ እጄን ተይዤ… ያን አልችልም። አገሩ የሚያውቀኝ ቆሜ ስሄድ ነው።»

ይኸው ነበር። ደሞዝም፣ ቤትም፣ የከተማ ምቾትም አልነበረም። በሁለት ጉባኤ ጥሪ፣ በነጭ ልብስና በጠራ ቪዲዮ ያላገኘነው ነገር አንድ የመኪና መውረጃ ኖሯል። እንደ እኔ ሥራ ቢሆን በዚህ ጊዜ ቶሎ ብዬ መፍትሔ እደረድር ነበር። አፌ ሊከፈት ሲል አባቴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ። እሳቸው ይጠብቁ ነበር።

«ከከተማው መግቢያ በፊት መውረድ ይቻላል?» አሉ የኔታ ራሳቸው በመጨረሻ።

«ይቻላል።»

«በቅሎ ይኖራል?»

«የእኔ በቅሎ አለች። አንተን አትረሳም። በታች በኩል፣ በሜዳው ዞረን እንገባለን፤ ገበያውን አንረግጠውም።»

«እንገባለን? በዚያ ጉልበትህ?»

«ለዚያች ያህል ይበቃኛል።»

የኔታ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እኔ በሥራዬ የለመድኩት ትንፋሽ ነው።

«እሺ፣ የት ልውረድ?» አሉ።

አባቴ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ እንቢ አላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አለህ?» አሉ የኔታ። «ምነው ዝም አልክ?»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለሁ» አሉ። «ኔትወርኩ ነው።»

አባቴ ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር፤ በዚያ ጠዋት እንደዚያ የጠራ መስመር በመካነ ሰላም አልነበረም።



«አብሽር» አሉ የኔታ።